ትርፍ ዋስ

ጎሚስታው ያለ ትርፍ ነገር ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። ኪሱ ውስጥ ሁለት መሐረብ ይይዛል፤ አንዱ ቢጠፋ ብሎ። የሱቁን በር ቁልፍ በሁለት አስቀርጾ አንዱን በቀበቶው፣ ሌላውን በካልሲው ውስጥ ይዞ ይዞራል። ሰርግ ሲጠራ እንኳ በኮቱ የውስጥ ኪስ ትርፍ የጫማ ክር አይለየውም። ሚስቱ በዚህ ነገር ስትስቅበት፣ «እኔ በቀን ስንት ሰው አየሁ መሰለሽ፣ ስኮርታ ሳይዝ ወጥቶ መንገድ ላይ ሲያለቅስ!» ይላታል። ስኮርታ የሚለው መኪና ኋላ የሚቀመጠውን ትርፍ ጎማ ነው።

«እኔንስ ትርፍ አልያዝክብኝም?» ትለዋለች እሷ።

«አንቺማ ራስሽ ሁለት ሰው ነሽ፤» ይላል፣ ወፍራምነቷን እያነሳ፤ ከዚያ ከማማሰያው ለማምለጥ ወደ በር ይሮጣል።

ሱቁ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። በሩ ላይ አሮጌ ጎማዎች ተደራርበው ቆመዋል። ከውስጥ አንድ ኮምፕሬሰር፣ አንድ ክሪክ፣ ማስቲሽ የተለቀለቀ ጠረጴዛ፣ እና ከበርሜል የተቆረጠ የውሃ ገንዳ አለ። ተንፍሶ የመጣውን ካላማዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ነፍቶ ገንዳው ውስጥ ይነክረዋል፤ አረፋ ከወጣበት ቦታ ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤ ያደርቀዋል፤ በሞረድ ይፍቀዋል፤ ይለጥፈዋል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል በዚህ ሥራ። የእጁ መዳፍ መስመሮች ውስጥ የገባው ጥቁር ሳሙናም ሎሚም አያስለቅቀውም፤ እሱም መፋቁን ከተወ ቆይቷል።

ልጅ አልወለደም። የሞተች እህቱን ልጅ ግን ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ አሳድጓል። ያን ጊዜ ሚጣ ብሎ ጠራት፤ ዛሬም፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የውሃ ጥራት መመርመሪያ ላቦራቶሪ ተቀጥራ፣ ነጭ ጋውን ለብሳ ስትውል፣ ሚጣ ናት። የቤት ሥራዋን የሠራችው በሱቁ ውስጥ፣ በተገለበጠ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ተቀምጣ ነው። አረፋ እየተቁለጨለጨ ከገንዳው ሲወጣ ዓይኗን ሳትነቅል ታይ ነበር። «ጋሽዬ፣ ውሃው እንዴት ያውቃል?» ብላ የጠየቀችው ዕለት፣ እንደ ትልቅ ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ሲያስረዳት ዋለ፤ ሁለት ደንበኛም አመለጠው።

ውጭ አገር የምትማርበትን ስኮላርሺፕ ያገኘችው በብዙ ድካም ነው። ሁለት ጊዜ አመልክታ ሁለት ጊዜ «እናዝናለን» ተብላለች። ሦስተኛው ላይ፣ ከሥራ ስትመለስ በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣችና፣ እጁ ማስቲሽ መሆኑን ረስታ ያዘችው። «ጋሽዬ፣ ተቀበሉኝ!» አለችው። ለረጅም ጊዜ ተጣብቀው ቀሩ፤ ኋላ የተላቀቁት በቤንዚን ነው።

የመጡት ወረቀቶች ሁለት ናቸው። አንዱ የዩኒቨርሲቲው የቅበላ ደብዳቤ ነው፤ በምን ትምህርት እንደገባች፣ መቼ እንደሚጀመር፣ እስከ መቼ ቀርባ መመዝገብ እንዳለባት ይናገራል። ሌላው ስኮላርሺፑን የሚሰጣት ድርጅት የጻፈው የገንዘብ ማረጋገጫ ነው፤ በየወሩ ምን ያህል እንደሚከፍላት፣ ለስንት ጊዜ፣ ጤና መድኅኗንና የአውሮፕላን ትኬቷን ማን እንደሚሸፍን። ሚጣ ሁለቱንም በማታ ራት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መስመር በመስመር ተረጎመችላቸው።

«ታዲያ አሁን መሄድ ነዋ!» አለች እትዬ፣ የጎሚስታው ሚስት።

«ቪዛ ይቀራል፣ እትዬ። ኤምባሲ ቀጠሮ ይዣለሁ። እነሱ የሚያዩት ዋና ነገር ሦስት ነው። ለትምህርት ተቀብለውኛል ወይ? እዚያ የምኖርበትን ማን ይከፍላል? ከዚያ ደግሞ፣ የምለው ነገር ሁሉ አንድ ላይ ይሄዳል ወይ?»

ጎሚስታው የሰማው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ማን ይከፍላል።

ነገሩን ያባባሰው ጎረቤቱ በር ሠሪው ነው። የሱ ወንድም ልጅ ባለፈው ዓመት ለትምህርት ሊወጣ ሲል ብሎክድ አካውንት አምጣ ተብሎ ነበር። «ብሎክድ አካውንት ማለት ምን መሰለህ፣» አለ በር ሠሪው፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «የዓመት ቀለብህን በሙሉ እዚያ አገር ባንክ አስቀድመህ ታስገባለህ። የራስህ ገንዘብ ነው፤ ግን ቁልፉ እነሱ ጋ ነው። እዚያ ከደረስክ በኋላ በየወሩ ቁራሽ ቁራሽ ይለቁልሃል። የሌለው ሰው ደግሞ እዚያ የሚኖር ዋስ ያመጣል። ወይ ይሄ፣ ወይ ያ። ሁለቱም የሌለው የት ይሄዳል?»

ጎሚስታው የዚያን ቀን ኮምፕሬሰሩን እየዞረ ሲያየው ዋለ። ማታ ገበያው ላይ ምን እንደሚያወጣ ሚስቱን ሲያማክራት ሚጣ ሰማችና ከክፍሏ ወጣች።

«ጋሽዬ፣ ኮምፕሬሰሩን ብትሸጥ በአፍህ ልትነፋ ነው?»

«ሳንባ አለኝ።»

«ስማኝ። ብሎክድ አካውንት በራሱ ወጪ ለሚማር ነው። ወይም ስኮላርሺፑ ለማይበቃው፤ የጎደለውን ያህል በዚያ ወይም በዋስ ይሞላል። የኔ ግን እነሱ ከሚጠይቁት መጠን በላይ ነው። ይኸው ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። በቃኝ። ምንም አልጎደለም።»

«አንድ ብቻ ነዋ።»

«አንድ ምን?»

«አንድ ወረቀት። እሱ አንድ ነገር ቢሆንስ?»

ሚጣ ሳቀች፤ እትዬም ሳቀች። እሱ አልሳቀም። አንዲት ልጁን ያን ያህል መንገድ በአንድ ጎማ ሊልክ? ሌሊቱን ሙሉ ተገላበጠ፤ ሲነጋ ቀጮ ትዝ አለው።

ቀጮ በወጣትነታቸው ይህንኑ ሱቅ አብሮት የከፈተ ጓደኛው ነው። ኋላ ዕድሉን ፍለጋ ወጣና እዚያው ሚጣ የምትሄድበት አገር ቀረ። በዓል በመጣ ቁጥር ይደውላል፤ መኪናው አዲስ እንደሆነ፣ ቤቱ ሰፊ እንደሆነ ያወራል። ጎሚስታው ከሱቁ ጀርባ ሆኖ ደወለለት።

«ቀጮ፣ ለልጄ ዋስ ሁናት።»

«ዋስ? ምን ቸገረኝ! ያንተ ልጅ የኔ ልጅ አይደለች?» አለ ቀጮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ተወው ለኔ። አንድ ያማረ ወረቀት አዘጋጅልሃለሁ።»

ወረቀቱ በመንገደኛ እጅ መጣ። ወፍራም ነው፤ ታች ላይ፣ መንገደኛው የአስተርጓሚ ነው ያለው ክብ ማኅተም አለበት። ጎሚስታው ቋንቋውን ባያውቀውም ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ ጎርበጥ አለለት፤ ደስ አለው። ለሚጣ ቢነግራት እንደምትስቅበት አወቀ። ስለዚህ አልነገራትም። የቀጠሮው ዋዜማ ምሽት፣ እሷ ፀጉሯን እየታጠበች ሳለ፣ ሰማያዊ ፋይሏን ከፈተና ወረቀቱን ከገንዘብ ማረጋገጫው ኋላ ሸጎጠው። ስኮርታ የሚቀመጠው ከኋላ ነው። ሲያስፈልጋት ታገኘዋለች፤ ካላስፈለጋት ምን ይጎዳል? ብሎ ተኛ፤ በዚያ ሰሞን እንደዚያ ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ወስዶት አያውቅም።

በነጋታው አብረው ሄዱ። ኤምባሲው ረጅም የግንብ አጥር ያለው፣ ከውጭ ምኑም የማይታይ ግቢ ነው። በር ላይ ሁለት ጥበቃዎች ቆመዋል፤ አንደኛው ስም ከዝርዝር ያያል፣ ሌላኛው ቦርሳ ይፈትሻል። ባለቀጠሮ ብቻ ነው የሚገባው፤ ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም። ሚጣ ስልኳን ለአጎቷ ሰጠችው። የለበሰችውን ሸሚዝ የመረጠችላትም የተኮሰችላትም እትዬ ናት፤ ውሃ ሰማያዊ። ጎሚስታው አንገትጌዋን አስተካከለላት፤ ከዚያ ጣቱ ጥቁር መሆኑ ትዝ ሲለው ቶሎ እጁን ሰበሰበ።

«አትፍሪ፣» አላት።

«አልፈራም። ሁሉን ነገር እኮ አውቀዋለሁ፤ ፋይሉን በቃሌ ነው የማውቀው፣» አለችና ገባች።

ከመንገዱ ማዶ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ የሚጠብቁ ሰዎች የሚቀመጡበት ዝቅ ያለ ግንብ አለ። ጎሚስታው አንድ ስልክ በቀኝ፣ አንድ ስልክ በግራ ኪሱ ከትቶ ተቀመጠ። አጠገቡ ትልቅ ጥቁር ቦርሳ ጭኗ ላይ ያደረገች፣ ፊቷ የደከመ ሴትዮ ነበረች።

«የማን ወገን ነዎት?» አለችው።

«ልጄ ገብታለች። ለትምህርት ነው፤ ስኮላርሺፕ አላት።»

«እሰይ! የኔም ልጅ ለትምህርት ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ነው እንግዲህ። ባለፈው ከለከሉት።»

«ምን ጎድሎት?»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘች። «ምን ጎድሎት ነው የሚሉት? በዝቶበት እንጂ! የገዛ ወንድሜ ነው ጉድ የሠራን። ልጁ በራሱ ገንዘብ ብሎክድ አካውንት ከፍቶ፣ ሁሉን አሟልቶ ነበር። ወንድሜ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ ‹እኔ አለሁ፣ ሁሉን ወጪውን እችላለሁ፣ ከኔ ጋር ይኖራል› የሚል ደብዳቤ ከዚያ ላከ። ወንድሜ ያለበት ከተማ ትምህርት ቤቱ ካለበት በባቡር የቀን መንገድ ነው አሉ። እነሱም ‹አንተ የምትኖረው የት ነው? የሚከፍልልህስ ማነው? ልትማር ነው ወይስ ወገን ዘንድ ልትቀር?› አሉት። ልጄ ተንተባተበ። በቃ። ሁለት ነገር ካወሩ አንዱ ውሸት ነው ይላሉ።»

ጎሚስታው ዞር ብሎ በሩን አየ። በቀስታ፣ «ዋስ ግን ጥሩ ነው ይሉ የለ?» አለ።

«ዋስማ ጥሩ ነው፤ ዋስ ሲሆን ነዋ! ዋስ የሚሆን ሰው እዚያ አገር የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ራሱ ይሄዳል፤ ደሞዙን ያሳያል፤ እነሱ በራሳቸው ወረቀት ላይ ያስፈርሙታል። ዋናው ወረቀት ነው የሚመጣው። እንዲህ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የጻፈው ምን ዋስ ነው? ወሬ ነው።»

የቀጮ ወረቀት ላይ ያለውን ክብ ማኅተም አሰበው። የአስተርጓሚ እንጂ የቢሮ ማኅተም አይደለም።

ምን እንደተጻፈ እንኳ አያውቅም! ቀጮ የት ከተማ እንደሚኖር ያውቃል፤ የሚጣ ዩኒቨርሲቲ ያለበትን ከተማ ስምም ያውቃል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ተነሳ፤ ተቀመጠ፤ እንደገና ተነሳ። ስልኩን አወጣ። ሊደውልላት ነው፤ ስልኳ ግራ ኪሱ ውስጥ ጠራ። ሴትዮዋ አየችው።

«ምን ሆኑ?»

መልስ ሳይሰጣት መንገዱን ተሻገረ። መኪና ጡሩንባ ነፋበት፤ አልሰማም።

«ወንድሜ፣» አለው ስም የሚያየውን ጥበቃ፣ «ልጄ ውስጥ ናት። አንድ ነገር ልንገራት፤ አንዲት ቃል ብቻ።»

«ቀጠሮ አለዎት?»

«የለኝም። ለሷ ነው...»

«አይቻልም፣ አባት።»

«ፋይሏ ውስጥ የማያስፈልግ ወረቀት አለ። እሱን አውጪው በላት፤ ሌላ አልልህም።»

ጥበቃው ፊቱን አየው፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባት፣ እኔ ወደ መስኮቱ አልደርስም። እኔም ብደርስ ወረቀት አውጪ ብዬ ብነግራት የባሰ አይሆንም? ራስዎ ያስቡት።»

እውነቱን ነው። ጎሚስታው ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ግን ግንቡ ላይ መቀመጥ አቃተው። በሩን እያየ ቆመ። የወጣ ሰው ሁሉ ሚጣ ይመስለዋል። አንዱ እየሳቀ ወጣ፤ አንዷ ወረቀቷን እያነበበች ወጣች። ሦስት ዓመቷ እያለ ጣቱን ይዛ ወደ ቤቱ የመጣችው ልጅ፣ ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው የተነሳችው ልጅ፣ ዛሬ በገዛ እጁ ስንጥር ጎማዋ ውስጥ ሰክቶ ሰደዳት። ይህን ያደረገ ጠላት ቢሆን ኖሮ አንገቱን ያንቀው ነበር።

ወጣች።

ሰማያዊው ፋይል ከደረቷ ጋር ተጣብቋል። መንገዱን ስትሻገር ወደ ቀኝም ወደ ግራም አላየችም። ፊቱ ቆመች፤ ዓይኗ ደርቋል።

«ጋሽዬ። ቀጮ፣ ያ በዓል ሲመጣ የሚደውልልህ፣ ለኔ ምኔ ነው?»

«ሚጣዬ...»

«ከሱ ጋር እንደምኖር፣ የምበላውን እንደሚችል፣ እኔም ሚስቱን በጽዳት ሥራዋ እያገዝኩ ‹ራሴን እንደምችል› ጽፏል። ታውቃለህ? መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያየች፣ ቅበላውን አየች፣ ጥሩ ነው አለች፤ ማረጋገጫውን አየች፣ ብሎክድ አካውንት አያስፈልግሽም አለች። ከዚያ ገለጠች። ‹ይሄስ?› አለችኝ። እኔ በሕይወቴ ያላየሁት ወረቀት!»

«እኔ ነኝ፤ አፈር ልብላ፣» አለ ጎሚስታው።

«አውቄያለሁ አንተ መሆንህን! ከአንተ ሌላ ማን ይሸጉጣል?» ድምፏ ተሰበረ። «‹ልትማሪ ነው ልትሠሪ? ከተማሽ የትኛው ነው?› አለችኝ። አልዋሽም አልኩ። ‹አጎቴ ነው ሳላውቅ ያስገባው፤ ጎማ ይለጥፋል፣ ያለ ትርፍ ጎማ የትም አይሄድም› አልኳት። ሳቀች? አልሳቀችም። ጻፈች። ብዙ ጻፈች።»

«ከለከሉሽ?»

«አልከለከሉኝም፤ ገና ነው። አሻራዬን ሰጥቻለሁ። ግን ሁለት ነገር አምጪ ተባልኩ። ድርጅቱ ስኮላርሺፑ አሁንም እንደጸና፣ የምኖርበትም ዶርም መያዙን የሚገልጽ አዲስ ማረጋገጫ። እኔ ደግሞ ስለዚያ ወረቀት በጽሑፍ እንዳብራራ። በሁለት ሳምንት ውስጥ። ከዚያ ነው ፋይሉ ወደ አገራቸው የሚላከው። የቅበላ ደብዳቤው ላይ ደግሞ መመዝገቢያው የሚዘጋበት ቀን አለ፣ ጋሽዬ። ካለፈ ስኮላርሺፑ ለሌላ ይሰጣል።»

በታክሲ ሲመለሱ ሁለቱም ስልኮች አሁንም እሱ ኪስ ውስጥ ነበሩ፤ እሷ አልጠየቀችውም፤ እሱም መስጠት አልደፈረም።

እትዬ ነገሩን ስትሰማ ማማሰያዋን አስቀመጠች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ፤ ያንተ ደግሞ ሞኙም ወረቀቱም አንድ ላይ ተገናኙ!» አለችው። በሌላ ቀን ቢሆን ይመልስላት ነበር። ዛሬ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ሚጣ ለድርጅቱ ኢሜይል ላከች። ማብራሪያዋንም ረቂቅ ጻፈች፤ አነበበችላቸው። አንድ ነገር ጎደላት፤ ወረቀቱን የጻፈው ሰው ራሱ መተዉን በጽሑፍ ቢያረጋግጥ ነገሩ ይጠነክር ነበር።

«እኔ ደውዬ አልለምነውም፤ በአካል እንኳ አላውቀውም፣» አለች።

«የኔ ነው እሱ፤» አለ ጎሚስታው።

ከሱቁ ጀርባ ሄዶ፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ደወለ። ቀጮ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ቆጣ አለ።

«እንዴት ነው ነገሩ? ዋስ ሁን ትለኛለህ፤ ስሆን ደግሞ ተው ትለኛለህ! ውሸታም ልታደርገኝ ነው? እዚህ የኔን ስም የሚያውቅ ሰው አለ እኮ!»

«ቀጮ፣ ልጅቱ ልትቀርብኝ ነው።»

«አንድ ወረቀት ምን ያደርጋታል? ይልቅ እሷ ስላልተዘጋጀች...»

«እሷማ ተዘጋጅታ ነበር!» ብሎ ጮኸ ጎሚስታው። ጩኸቱ ራሱን አስደነገጠው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጥፋቱ የኔ ነው። አንተን የላክሁህ እኔ ነኝ። ግን ንገረኝ፤ ለምን ወደ ቢሮው ሄደህ በነሱ ወረቀት ላይ አልፈረምክም? ዋስ እንዲያ ነው አሉ።»

በወዲያኛው ጫፍ የሆነ ማሽን ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

«ሄጄ ነበር፣» አለ ቀጮ በመጨረሻ፣ በሌላ ድምፅ። «ሄጄ ነበር፣ ወንድሜ። ደሞዝህን አሳይ አሉኝ። አሳየሁ። ለአንተና ለሚስትህ እንኳ በጭንቅ ነው፣ ለሌላ ሰው ዋስ መሆን አትችልም አሉኝ። የምኖረውም በአንዲት ክፍል ነው። ለአንተ ይህን እንዴት እነግርሃለሁ? ይህን ሁሉ ዓመት ‹ተመቸኝ› ስልህ ኖሬ! ለአስተርጓሚ ከፍዬ ያቺን ጻፍኩ። ማን ያነባል ብዬ።»

ጎሚስታው ገንዳው ውስጥ ያለውን ውሃ አየ። ምንም አልተነከረበትም፤ ዝም ብሎ ተኝቷል።

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለ።

«አንተስ ለልጅቱ ብትነግራት ምን ነበረበት?»

ቀጮ ሳቀ፤ ጎሚስታውም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮ አላለፈም።

«አሁኑኑ እጽፋለሁ፣» አለ ቀጮ። «ያን ወረቀት ትቼዋለሁ፣ ልጅቱም ስለ ወረቀቱ አታውቅም ብዬ። ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ፤ ዋናውንም በፖስታ። ልጅህን ይቅርታ በልልኝ።»

ላከ። ሚጣ በማብራሪያዋ ሥር አያያዘችው። ከድርጅቱ ግን መልስ የለም። አንድ ሳምንት አለፈ። ጉዳዩን የያዘችው ሠራተኛ እረፍት ላይ ናት የሚል አጭር የማሽን መልስ ብቻ ነው የመጣው። ሚጣ በየማለዳው ስልኳን ከዓይኗ በፊት ትከፍታለች። ላቦራቶሪ ስትውል የውሃ ናሙና ደፍታ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣ ደረሰባት። ጎሚስታው በበኩሉ ደንበኛ ሲያናግረው አይሰማም፤ አንድ ቀን በቀኝ ጎማ ቦታ የግራውን ፈትቶ ቆመ። በር ሠሪው መጥቶ «ምነው፣ ሌላ ዋስ ልፈልግልህ?» ሲለው፣ ጎሚስታው የጎማ መፍቻ ብረቱን አነሳ፤ በር ሠሪው እየሳቀ ሸሸ።

እትዬ ነች ያሰበችው። «ሚጣ፣ ያቺ ሴትዮ እረፍት ከሄደች በሷ ቦታ የቀረ ሰው የለም እንዴ? መሥሪያ ቤት ነው እኮ፤ ቤት አይደለም።» ሚጣ የማሽኑን መልስ እንደገና ከፈተች፤ ታች ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ለአስቸኳይ ጉዳይ የሚጻፍበት ሌላ አድራሻ ነበር። በድንጋጤ አላየችውም። ጻፈች። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አዲሱ ማረጋገጫ መጣ፦ ስኮላርሺፑ የጸና ነው፤ በየወሩ የሚከፈለው ይህን ያህል ነው፤ ዶርሙ በስሟ ተይዟል፤ የምታጠናው በሙሉ ጊዜ ነው። ሚጣ የመጨረሻው ቀን ሳያልፍ ሁሉንም አንድ ላይ አድርጋ ላከች። ኤምባሲው ደረሰን የሚል አንድ መስመር መለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። መጠበቅ ከመለጠፍ ይከፋል፤ ለእጅ የሚሠራው ነገር የለውም። ሳምንቱ ሌላ ሳምንት ወለደ። ትምህርቱ የሚጀመርበት ቀን ደረሰ፤ አለፈ። ሚጣ ዩኒቨርሲቲውን ጠይቃ ዘግይታ የምትመዘገብበት አንዲት ቀን አስቆረጠች፤ ከዚያች ቀን ወዲያ ግን በሩ ይዘጋል። ሻንጣዋ ግማሹ ተሞልቶ ግማሹ ባዶ፣ ክዳኑ ተከፍቶ መሬት ላይ ዋለ። ማንም አይነካው፣ ማንም አያነሳው።

በመጨረሻ ፓስፖርትሽን ይዘሽ ቅረቢ የሚል መልእክት መጣ። መልእክቱ ተፈቀደ አይልም፤ ተከለከለም አይልም።

ጎሚስታው ያን ዕለትም አብሯት ሄደ። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ሚጣ ሰማያዊውን ፋይል በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«ጋሽዬ፣ እየው።»

«እኔ? እኔ አልነካውም!»

«እየው እኮ ነው የምልህ። ማየት ምንም አያደርግም።»

እጁን ወደ ኋላ አደረገ። «ባዶ እጄን ነው የምወጣው። ከፈለግሽ ኪሴን ፈትሺ።»

እሷም የምሯን ፈተሸችው። ከቀኝ ኪሱ አንድ መሐረብ ወጣ፤ ከግራው ምንም። አንድ ብቻ። ሚጣ መሐረቡን ይዛ ቆመች፤ ከዚያ አጣጥፋ ኪሱ ውስጥ መልሳ ከተተችለት።

ከዛፉ ሥር፣ በዚያው ግንብ ላይ ተቀመጠ። ጥበቃው አወቀው፤ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም አለው። ጎሚስታው ዛሬ አልተነሳም፤ መንገዱን አልተሻገረም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጥቁር መስመሮቻቸውን ሲያይ ቆየ። የሚጣ ስልክ ኪሱ ውስጥ ጠራ፤ እትዬ ናት፤ አላነሳም፤ ምን ብሎ ይመልስላት?

ሚጣ ከበሩ ወጣች። እየሮጠች አይደለም፤ እያለቀሰችም አይደለም። መንገዱን ግራ ቀኝ አይታ ተሻገረች። አጠገቡ ተቀመጠችና ፓስፖርቱን ከፍታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችው። ገጹ ላይ ፎቶዋ ያለበት ትልቅ የቪዛ ወረቀት ተለጥፏል።

ጎሚስታው ጠርዙን በአውራ ጣቱ በቀስታ ዳበሰው፤ አንድም ያልተጣበቀ ጥግ አልነበረውም።

«ጥሩ አድርገው ለጥፈውታል፣» አለ።

ከዚያ መሐረቡን አወጣ፤ አንድ ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ለሷ ሰጣት።